60 ደንበኛ መዝግቤ ዳታው ኖርማል አልሆነም፤ አማካዩ ግን ይሆናል ይሉኛል፣ እንዴት?

የሳቢያኗ
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ነኝ። አክስቴ መጋላ ውስጥ ሱቅ አላት፣ ክፍል በሌለኝ ጊዜ እያገዝኳት ለመመረቂያ ጽሑፌ የ60 ደንበኛ ግዢ በብር መዘገብኩ። ሂስቶግራም ሳወጣለት ግራው ላይ ተከምሮ ወደ ቀኝ ረጅም ጅራት አወጣ። አይገርምም፣ አብዛኛው ሰው ለሳሙና፣ ለስኳር፣ ለሞባይል ካርድ ነው የሚመጣው። ጥቂቶቹ ግን የወር አስቤዛ ይጭናሉ።

የተማርነው ናሙና ከ30 ካለፈ ኖርማል ነው ተብሎ ነው። እኔ 60 አለኝ። ኖርማል የሚመስል ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ። ጓደኛዬን ስጠይቃት ኖርማል የሚሆነው ዳታው ሳይሆን አማካዩ ነው አለችኝ። ያ ደግሞ የባሰ ግራ አጋባኝ። ያለኝ አንድ አማካይ ነው፣ አንድ ቁጥር። አንድ ቁጥር እንዴት ነው የደወል ቅርጽ የሚኖረው? እባካችሁ ቀመሩን አትጻፉልኝ፣ ቀመሩ ደብተሬ ላይ አለ። ምክንያቱን ነው የምፈልገው።

ከዚራ_ሰፈር
ቀላል እኮ ነው አቦ! ሴንትራል ሊሚት ቲዎረም ማለት ዳታ ሲበዛ ወደ መሃል ይሰበሰባል ማለት ነው፣ ስሙም ሴንትራል የተባለው ለዚያ ነው። 30 ዝቅተኛው ነው። 60 ላይ ካልተስተካከለልሽ ዳታሽ ትንሽ ተንኮለኛ ነው ማለት ነው። 500 ሰው መዝግቢ፣ ሂስቶግራምሽ ራሱ ደወል ይሆናል። እኔ ኢኮኖሚክስ ስማር በዚህ ነው ያለፍኩት።

የጁገል_መምህር
ከዚራ ወንድሜ፣ ሲበዛ የሚስተካከል ነገር አለ ማለትህ ልክ ነው። የሚስተካከለው ግን አንተ ያልከው አይደለም። ልጅቷ ይህን ይዛ 500 ሰው ብትመዘግብ ጅራቱ ይበልጥ ጠርቶ ይታያታል እንጂ አይጠፋም። 50,000 ብትመዘግብም ያው ነው። ሰው ሱቅ ገብቶ የሚገዛበት መንገድ እኛ ስለመዘገብነው አይለወጥም።

ስለ ስሙም፣ ሴንትራል የሚለው ዳታው መሃል ላይ ስለሚሰበሰብ አይደለም። ፖያ የሚባል የሂሳብ ሰው በ1920 በጀርመንኛ ሲጠራው፣ ቲዎረሙ በፕሮባብሊቲ ትምህርት ውስጥ ያለውን ማዕከላዊ ቦታ ለመግለጽ ነበር። ነገሩ ራሱ ከስሙ በጣም ይቀድማል። ደ ሟቭር በ1733 ሳንቲም ብዙ ጊዜ ሲወረወር የሚወጣውን ቁጥር ሲያሰላ የደወሉን ቅርጽ አግኝቶታል።

የሳቢያኗ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድበት። የአክስትሽን ሱቅ በጣም ላቅልለው። ከ10 ደንበኛ 7ቱ 50 ብር ይገዛሉ እንበል። 2ቱ 100 ብር። 1ዱ ደግሞ 500 ብር። አማካዩ 105 ብር ይመጣል። ልብ በይ፣ 105 ብር የሚገዛ አንድም ሰው የለም። ከ10 ሰው 9ኙ ከአማካዩ በታች ነው። ከዚህ የከፋ የተንጋደደ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ሁለት ሰው ብቻ አንሺና አማካያቸውን ያዢ። ይህን መቶ ጊዜ ብታደርጊው በግምት 49 ጊዜ ሁለቱም 50 ይሆኑና አማካዩ 50 ይወጣል። 28 ጊዜ አንዱ 50 አንዱ 100 ሆኖ 75 ይሰጣል። 4 ጊዜ 100። 14 ጊዜ ከ50 እና ከ500 የተገኘ 275። 4 ጊዜ 300። ሁለቱም 500 የሆኑበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

እዚህ ጋ ቆም በይና እይው። አንድ ሰው ስትወስጂ 500 የማግኘት ዕድልሽ ከ100 10 ነበር። የሁለት ሰው አማካይ 500 እንዲሆን ግን ሁለቱም ትልቅ ገዢ መሆን አለባቸው፣ ስለዚህ ዕድሉ ወደ 1 ወረደ። ትልቁ ገዢ አልጠፋም፣ ከጎኑ የቆመ ትንሽ ገዢ ወደ መሃል ጎተተው። በ100 እና በ500 መካከል ባዶ የነበረው ቦታ ላይ 275 እና 300 ተወለዱ። የነገሩ ሞተር ይሄ ነው። ጫፍ ላይ ለመድረስ ሁሉም ሰው በአንድ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ ያ ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። መሃል ላይ ለመድረስ ግን መንገዱ ብዙ ነው።

አንድ ቁጥር ነው ያለኝ ላልሽው፣ እውነትሽን ነው፣ አንድ ነው ያለሽ። ደወሉ ያንቺ ቁጥር የወጣበት ከረጢት ነው። ሌላ 60 ሰው መዝግበሽ ቢሆን ሌላ አማካይ ይወጣ ነበር፣ ሌላ 60 ቢሆን ሌላ። ቲዎረሙ የሚናገረው ስለዚያ ስላላየሽው ከረጢት ነው። አንቺ አንድ ጊዜ እጅሽን ከተሽ አንዱን አወጣሽ።

የሳቢያኗ
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ የከረጢቱ ነገር ገባኝ! የሁለቱን ሰው ራሴ ወረቀት ላይ ሠርቼ ድምሩ መቶ መጣልኝ። ግን አንድ ነገር ቀረኝ። ወደ መሃል መሰብሰቡ ገብቶኛል፣ ታዲያ ለምን የግድ ያ አንዱ ደወል? ሶስት ማዕዘን ወይም ሌላ ጉብታ ለምን አይሆንም? ሱቁ ሌላ፣ የታክሲ ወረፋ ሌላ፣ ሁሉም ወደ አንድ ቅርጽ የሚሄዱበት ምክንያት ምንድነው?

የጁገል_መምህር
ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ ብዬ የምመኘው ጥያቄ ነው ይሄ።

አንድ ስርጭት ብዙ መለያ አለው። መሃሉ የት ነው፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ ወደ የት ያዘነብላል፣ ጅራቱ ምን ያህል ይወፍራል፣ እያለ ይቀጥላል። ሰዎችን እየደመርሽ ስትሄጂ እነዚህ መለያዎች እኩል አይከስሙም። የድምሩ ስፋት በ√n ያድጋል። ማዘንበሉን በዚያ ስፋት ስትለኪው ግን በ1/√n ይቀንሳል። የጅራቱ ውፍረት ደግሞ ከዚያም ፈጥኖ፣ በ1/n። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቃቅን መለያዎች ይብስ ይፈጥናሉ። በመጨረሻ የአክስትሽ ሱቅ ከታክሲው ወረፋ የሚለይበት ነገር ሁለት ብቻ ይቀራል፣ መሃልና ስፋት። ደወሉ ማለት መሃልና ስፋቱን ከነገሩት ሌላ ምንም የማይጠይቅ ቅርጽ ነው። የሁሉም መድረሻ አንድ የሆነው ለዚህ ነው።

ግን እየቀነሰ ይሄዳል ማለት አልቋል ማለት አይደለም። 30 የሚባለው ነገር የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። በምሳሌዬ ያለው የማዘንበል መለኪያ 2.56 ገደማ ነው። n = 30 ላይ ያንን ለ√30 ስታካፍይው 0.47 ይቀራል። ያ ዓይን የሚያየው ማዘንበል ነው። ግማሽ ለማድረግ 120 ሰው ያስፈልግሻል፣ ሌላ ግማሽ ለማድረግ 480። ዳታሽ ከመጀመሪያው ሚዛናዊ ከሆነ 10 ሰውም ሊበቃ ይችላል። 30 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም።

ገንደ_ቆሬ
እኔ ቁጥሩን ካላየሁ አላምንም፣ ስለዚህ የመምህርን ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ሠራሁት። ሰላሳ ሰላሳ ሰው 10,000 ጊዜ አወጣሁ። ለእያንዳንዱ የተለመደውን 95 በመቶ ኢንተርቫል ሠርቼ 105ን ስንት ጊዜ እንደሚስት ቆጠርኩ። 2.045 ለ30 ሰው ከቲ ሠንጠረዥ የሚወሰደው ነው።

```python
import numpy as np
g = np.random.default_rng(7)
x = g.choice([50, 100, 500], p=[0.7, 0.2, 0.1], size=(10000, 30))
m = x.mean(axis=1)
s = x.std(axis=1, ddof=1) / 30**0.5
print((m + 2.045*s < 105).mean())
print((m - 2.045*s > 105).mean())
```

መጀመሪያ የሚታተመው ወደ 0.09 ነው። ሁለተኛው ወደ 0.004። እኔ የጠበቅኩት ሁለቱም 0.025 አካባቢ እንዲሆኑ ነበር። ይኸው ስህተቱ ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ወገን ነው፣ ኢንተርቫሉ ከእውነተኛው አማካይ በታች እያረፈ ነው የሚስተው። ድምሩም 5 ሳይሆን ወደ 10 በመቶ ተጠጋ።

ሌላም ያየሁት አለ። የ10,000ውን አማካይ ሂስቶግራም በጠባብ ዘንግ ሳወጣው ለስላሳ ደወል አይደለም። ጉብታ ጉብታ ነው፣ እንደ ግመል። ኮዱን ነው ያበላሸሁት ብዬ ሶስት ጊዜ አየሁት።

የጁገል_መምህር
ኮድህ ልክ ነው። ጉብታዎቹንም ስላየሃቸው ደስ አለኝ፣ ብዙ ሰው ሰፊ ዘንግ ተጠቅሞ ሳያያቸው ያልፋል።

ጉብታው ይሄ ነው። 30 ሰው ውስጥ በአማካይ 3 ትልቅ ገዢ ይገባል። አንዳንዱ ናሙና 2 ያገኛል፣ አንዳንዱ 4፣ አንዳንዱ ምንም። እያንዳንዱ ትልቅ ገዢ አማካዩን በ15 ብር ገደማ ያነሳዋል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ገዢ ያላቸው ናሙናዎች በአንድ ጉብታ፣ ሁለት ያላቸው በቀጣዩ፣ እንዲህ እያሉ ይደረደራሉ። የ50 እና የ100 ብር ገዢዎች ልዩነት በመካከሉ ያለውን ክፍተት ለመሙላት በጣም ትንሽ ነው። 120 ሰው ብታደርገው በጉብታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ወደ 4 ብር ይጠብና አንዱ በሌላው ላይ መተኛት ይጀምራል።

አሁን ስህተቱ ለምን በአንድ ወገን እንደሆነ። ይህን ነገር የሳቢያኗ በደንብ እንድታነቢው እፈልጋለሁ፣ ለጽሑፍሽ ከሁሉም በላይ የሚጠቅምሽ ይሄ ነውና። 30 ሰው ውስጥ አንድም ትልቅ ገዢ ያለመግባት ዕድሉ 0.9 በራሱ 30 ጊዜ ሲባዛ ነው፣ ከ100 ናሙና ከ4 ትንሽ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ናሙና ሲገጥምሽ አማካይሽ 61 ብር አካባቢ ይወጣል። እሱ ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረም። ግን ትልቅ ገዢ ስላልገባ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንሽም ትንሽ ሆኖ ይወጣል፣ 21 ብር ገደማ፣ እውነተኛው ግን 133 ነው። ስለዚህ ኢንተርቫልሽ ከ53 እስከ 69 የሚል ጠባብ ነገር ይሆናል። 105 የት እንዳለ አያውቅም። ናሙናው ተሳስቷል፣ መሳሳቱን የሚነግርሽ መሣሪያ ደግሞ አብሮት ተሳስቷል።

አንድ ትልቅ ገዢ ብቻ የገባበት ናሙና ከ100 14 ጊዜ ያህል ይመጣል። የዚያ ኢንተርቫል ላይኛው ጫፍ 105 እና 107 አካባቢ ስለሚያርፍ አንዳንዱ ይይዛል፣ አንዳንዱ ለጥቂት ይስታል። ገንደ ቆሬ ያገኘው 9 በመቶ ከእነዚህ ከሁለቱ የተዋጣ ነው። ወደ ላይኛው ወገን ሲሳሳት ግን ትልቅ ገዢ ስለበዛ ዴቪዬሽኑም ይሰፋል፣ ኢንተርቫሉም ሰፍቶ 105ን ያቅፋል። ስለዚህ እዚያ ብዙ አይስትም።

ከዚራ_ሰፈር
እሺ አቦ፣ ሂስቶግራሙ ራሱ ይስተካከላል ያልኩትን መልሻለሁ። ለስድስት ዓመት እንዲያ ነበር የማውቀው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በእውነተኛ ሥራ ላይ እኮ ይሄ 2.56 ምናምን አይታወቅም። ያለው ያ አንድ ናሙና ነው። ናሙናው ራሱ ትልቁን ገዢ ካላየ ማዘንበሉን ከየት ነው የምናውቀው?

የጁገል_መምህር
ከባዱን ነገር ነካኸው። ከናሙናው ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ጥሩ ምልክት ግን አለ። ከዜሮ በታች ሊሆን የማይችል ነገር ስትለካ፣ ብር፣ ደቂቃ፣ ኪሎ፣ ዴቪዬሽኑ ከአማካዩ ከበለጠ ወይም ከተጠጋጋ ዳታው ወደ ቀኝ አዘንብሏል። በምሳሌዬ አማካዩ 105፣ ዴቪዬሽኑ 133 ነው። ሚዛናዊ ቢሆን ኖሮ ከሰው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ከዜሮ በታች መግዛት ነበረበት። ሁለተኛው ምልክት ትልቁን አንድ ቁጥር አውጥተህ አማካዩን እንደገና መሥራት ነው። አማካዩ በጣም ከተናጋ ደወሉ ገና አልደረሰም።

ሶስተኛው ስታቲስቲክስ አይደለም፣ ሱቁን የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ ነው።

ፈረስ_መጋላ
እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ርዕሱ ተመሳሳይ ስለመሰለኝ። ሐረር አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ነው የምሠራው፣ ካርድ ክፍል። ባለፈው በሽተኛ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ እንድንለካ ተባለ። ሰኞ ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሬ በተከታታይ የመጡትን 40 ሰዎች መዘገብኩ። አማካዩ 48 ደቂቃ፣ ዴቪዬሽኑ 60 ወጣ። ስታንዳርድ ኤረሩ 9.5 ስለሆነ ኢንተርቫሉ ከ29 እስከ 67 ደቂቃ ነው። ሪፖርቱ ላይ 95 በመቶው በሽተኛ ከ29 እስከ 67 ደቂቃ ይጠብቃል ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬም ተቀበሉት። እዚህ ያለውን ሳነብ ግን ሆዴ ፈራ። ልክ ነኝ?

የጁገል_መምህር
እህቴ፣ ቁጥሮቹን በትክክል ነው ያሰላሻቸው፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ልክ አይደለም። ከ29 እስከ 67 ያለው አማካዩ የት ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለ አንድ አንድ በሽተኛ ምንም አይናገርም። መዝገብሽን ገልጠሽ ብትቆጥሪ በ10 ደቂቃ የወጣ ብዙ ሰው፣ ሶስት ሰዓት የቆየም ሰው ታገኛለሽ። ለአለቃሽ ከአማካዩ በላይ የሚጠቅማቸው ግማሹ ሰው ከስንት ደቂቃ በታች እንደጠበቀ፣ ከ10 ሰው አንዱ ደግሞ ከስንት በላይ እንደቆየ ነው። ሁለቱንም ከመዝገቡ በጣት ቆጥረሽ ማግኘት ትችያለሽ፣ ደወልም ቀመርም አያስፈልገውም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። 40ዎቹ ተከታታይ ናቸው። ወረፋ ውስጥ አንዱ ሲዘገይ ከኋላው ያለው ሁሉ ይዘገያል። ሐኪሙ ለድንገተኛ ቢወጣ 15 ሰው አብሮ ይጠብቃል። ስለዚህ 40 ሰው ቢመስልሽም 40 የተለያየ መረጃ የለሽም፣ ምናልባት የ6 ወይም የ8 ሰው ያህል ነው። አማካዩ ከታሰበው በላይ ይዋዥቃል፣ 9.5 የሚለው ኤረርም አሳንሶ ነው የነገረሽ። ቲዎረሙ አንዱ ለሌላው እንግዳ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው የሚጀምረው። ትንሽ ቢተዋወቁ ይታገሳል፣ በአንድ ወረፋ ላይ ሲሰለፉ ግን በጣም ብዙ ሰው ይፈልጋል።

40 ሰው ከሆነ አቅምሽ በ10 የተለያየ ቀን አራት አራት ሰው ብትወስጂ፣ ሁለት ከጠዋት ሁለት ከሰዓት፣ ከአሁኑ በጣም የተሻለ ነው።

ፈረስ_መጋላ
አመሰግናለሁ መምህር። ነገ ጠዋት ገብቼ ለአለቃዬ እነግራቸዋለሁ። የሰኞውን ነገር እኔም ሰኞ ሁልጊዜ የተለየ እንደሆነ አውቀው ነበር፣ ግን ከ30 በላይ ስለሆነ ችግር የለውም ብዬ ተውኩት።

የሳቢያኗ
ይሄን ሳነብ እኔም አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር ትዝ አለኝ። 60ውን የመዘገብኩት ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ነው። ከሰዓት ጫት ሰዓት ላይ ሱቁ ጭር ይላል፣ ሙቀቱም አለ። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሰው ይጎርፋል። ያ ጊዜ የለኝም።

ሌላው፣ ከ60ው ውስጥ አንዱ 18,000 ብር ነው። አንድ ሆቴል ያለው ሰው ነው፣ ዘይትና ሩዝ በጆንያ የወሰደ። መምህር እንዳሉት እሱን አውጥቼ ሠራሁት። ከሱ ጋር አማካዩ 408 ብር ነው። ያለሱ 110።

ታይዋን_በር
ልጄ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ስታቲስቲክስ አልተማርኩም፣ ግን 30 ዓመት ሱቅ ቆሜያለሁ። ያንን 18,000 አውጪው። እሱ ደንበኛ አይደለም፣ የጅምላ ገዢ ነው። በእሱ ምክንያት አንድ ሰው በአማካይ 408 ይገዛል ብትይ ማንም ሱቅ ያለው ሰው ይስቅብሻል። ቁጥሩ ውሸት ባይሆንም ሱቁን አይመስልም።

ገንደ_ቆሬ
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ እኔ አልስማማም። 59ኙ ሰው ተደምሮ የገዛው 6,490 ብር ነው። እሱ ብቻውን 18,000። አክስቷ የቤት ኪራይ የምትከፍለው ከማን ነው? እሱን አውጥቶ የሱቁ ገቢ በአንድ ሰው 110 ብር ነው ማለት ሱቁን በሲሶ መቁጠር አይደለም፣ ከዚያም ያንሳል።

የጁገል_መምህር
ሁለታችሁም የምትሉት እውነት አለው፣ የምትመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ጋሼ ታይዋን የሚሉት የተለመደው ደንበኛ ምን ይመስላል ነው። ለዚያ ሚዲያን ይሻላል፣ 18,000 ሆነ 180,000 ሚዲያኑን አያነቃንቀውም። ገንደ ቆሬ የሚለው ሱቁ በጠቅላላው ስንት ያስገባል ነው፣ ለዚያ ደግሞ አማካይ የግድ ነው፣ በሰው ብዛት አባዝተሽ ወደ ድምር የምትደርሺው በእሱ ብቻ ነውና።

ለጽሑፍሽ የምመክርሽ ግን ሁለቱን አትቀላቅይ። በጅምላ የሚገዙት ጥቂት ስለሆኑ ናሙና አያስፈልጋቸውም፣ አንድ በአንድ ቁጠሪያቸው። አክስትሽ የዱቤ ደብተር ካላት ምናልባት አብዛኞቹ እዚያ ላይ ናቸው። ናሙናውን ለቀሩት ለትንንሾቹ አውይው። ትልቁ ጅራት ተቆርጦ ለብቻው ሲቆጠር የቀረው ዳታ ማዘንበሉ በጣም ይቀንሳል፣ ያኔ 60 ሰው በእርግጥ በቂ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ሁለቱን ትደምሪያቸዋለሽ።

ስለ ጠዋቱ ግን ማስተካከያ የለውም። የማታው ሰው ከረጢቱ ውስጥ ካልገባ፣ ሺህ ሰው በጠዋት ብትመዘግቢም ደወሉ በሚያምር ሁኔታ ይወጣል፣ መሃሉ ግን የጠዋቱ ሱቅ አማካይ ነው። ማታ ቆመሽ መመዝገብ አለብሽ።

ታይዋን_በር
በዱቤ ደብተሩ እስማማለሁ። ግን ልጄ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሁሉም ትልቅ ገዢ በደብተር አይደለም። ሰርግ ያለበት ሰው በጥሬ ብር ነው የሚገዛ፣ በዓመት አንዴ ይመጣና አይደገምም። እሱን የት ልትጽፊው ነው?

ከዚራ_ሰፈር
እኔም ይሄ አልተመለሰልኝም። የሰርጉ ሰው 100,000 ቢገዛስ? ከዚያም የሚበልጥ ቢመጣስ? እስከ ስንት ድረስ ነው ቲዎረሙ የሚሠራው?

የጁገል_መምህር
ቲዎረሙ ቫሪያንሱ የተወሰነ እንዲሆን ይጠይቃል። የትልቁ ግዢ መጠን ዕድሉ ከሚቀንሰው በላይ እየፈጠነ የሚያድግበት ዳታ ላይ ያ ይፈርሳል፣ በወረቀት ላይ እንዲህ ያሉ ስርጭቶች አሉ፣ አማካያቸው ስንት ሰው ብታክልበትም የማይረጋጋም አለ። አንድ መጋላ ያለ ሱቅ ግን ከመደርደሪያውና ከመጋዘኑ በላይ ሊሸጥ ስለማይችል ጣሪያ አለው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ደወሉ ይመጣል። ስንት ሰው ላይ ነው የሚመጣው ስትሉኝ፣ ለዚህ ሱቅ አላውቅም። የሰርጉን ሰው ሳላየው መናገር አልችልም። የሳቢያኗ አክስትሽን ባለፈው ዓመት ለአንድ ሰው ከ5,000 ብር በላይ የተሸጠባቸው ቀናት ስንት እንደሆኑ ጠይቂያት፣ ቁጥሩን ይዘሽ ነይ።

የሳቢያኗ
ጠየቅኳት። ደብተሩ ላይ 4 ሰው አለ፣ ሁለቱ ሆቴል፣ አንዷ ምግብ ቤት፣ አንዱ ወደ ጅጅጋ የሚጭን። የሰርጉን አታስታውስም፣ ከፋሲካ በፊት ሶስት ወይም አራት ነበሩ ትላለች። ከነገ ጀምሮ ለአስር ቀን ማታ ማታ እቆማለሁ፣ 4ቱን ለብቻ፣ ሌላውን በናሙና። የሰርጉን ገና አልወሰንኩም።